ስልክ በተለወጠ ጊዜ የሲግናል መልእክት ስለ ምን ባዶ ይሆናል? ወደ አዲሱ ስልክስ በምን ይሻገራል?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዋጋ ድርድር፣ የናሙና ፎቶግራፍና የጭነት ማስታወቂያ ከደብዳቤ ይልቅ በእጅ ስልክ መላላክ በነጋዴዎቻችን ዘንድ እየተለመደ መምጣቱ የታወቀ ነው። ለዚሁ ሥራ ከሚያገለግሉት መተግበሪያዎች አንዱ፣ የተጠቃሚውን ምስጢር በመጠበቅ ስሙ የተነሣው፣ ሲግናል የተባለው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነጋዴ አዲስ ስልክ ገዝቶ፣ የቀድሞውን ሲም ካርድ አስገብቶና ያንኑ ቁጥር አስመዝግቦ ሲግናልን ቢከፍት፣ የሁለት ዓመት ድርድሩ አንድም ፊደል ሳይቀርለት ባዶ ገጽ ሊገጥመው ይችላል። ወደ ድርጅቱ ጽፎ መልእክቶቼ ይላኩልኝ ብሎ ቢጠይቅም የሚላክለት ነገር አይኖርም። ብዙዎች ይህን የመተግበሪያው ጉድለት አድርገው ይቆጥሩታል። ነገሩ ግን ጉድለት ሳይሆን ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ስልኩን ከመለወጡ በፊት ምን ማዘጋጀት እንደሚገባው ስለሚያውቅ፣ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እናብራራለን።

በመጀመሪያ፣ መልእክቱ የት እንደሚቀመጥ መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ሰው የለመደው ቴሌግራምን ነው። በቴሌግራም የሚደረገው ተራ ንግግር የሚቀመጠው በኩባንያው ማእከላዊ ኮምፒዩተር፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ ስለሆነ፣ ስልክ ተለውጦ ቁጥሩ እንደገና ሲገባ የቀድሞው ጽሑፍ ሁሉ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ከዚህም የተነሣ፣ መልእክት ከስልክ ቁጥር ጋር ተያይዞ የሚዞር ነገር ይመስለናል። ሲግናል ግን በሌላ መንገድ ይሠራል። የሲግናል ሰርቨር የታሸገ ደብዳቤ ተቀብሎ ለባለቤቱ እንደሚያደርስ መልእክተኛ ነው። የተቀባዩ ስልክ ተዘግቶ ወይም ከመስመር ውጭ ሆኖ ሲቆይ ደብዳቤውን እንደታሸገ ይዞ ይጠብቃል፤ ስልኩ ተከፍቶ መልእክቱን ሲረከብ ግን ከሰርቨሩ ላይ ይጠፋል። ግልባጭ አያስቀርም። በአንድ ጽሕፈት ቤት የወጪ ደብዳቤ ግልባጭ በፋይል እንደሚታሰር ሁሉ፣ የሲግናል መልእክት ግልባጭም የሚገኘው በላኪው ስልክና በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ፣ ሰርቨሩ ግልባጭ ቢያስቀርና ሲያስፈልግ ቢመልስልን ምን ይጎዳ ነበር የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ያለው በቁልፉ ነው። በሲግናል የሚላክ እያንዳንዱ መልእክት ከላኪው ስልክ ከመውጣቱ በፊት ለራሱ ብቻ በተዘጋጀ የምስጢር ቁልፍ ይታሸጋል። የተቀባዩ ስልክ ከፍቶ ካነበበው በኋላ ያ ቁልፍ ይጣላል፤ ለሚቀጥለው መልእክት ሌላ ቁልፍ ይወጣል። ከተከፈተ በኋላ መልእክቱ የሚኖረው ስልኩ በራሱ ውስጥ በሚያቆየው መዝገብ ላይ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ትናንት በመስመር ላይ ያለፈውን የታሸገ መልእክት ሁሉ ሰብስቦ ቢያስቀምጥና ዛሬ ስልኩን ቢማርከው እንኳ፣ የተሰበሰበውን ሊከፍትበት የሚችል ቁልፍ ከስልኩ ውስጥ አያገኝም። ስለዚህ ሰርቨሩ የታሸጉትን ፖስታዎች ለዓመታት ቢያከማችም፣ አዲሱ ስልክ ሊከፍታቸው ስለማይችል ለነጋዴው አንዳች ጥቅም አይሰጡትም ነበር። የቀድሞው ታሪክ ሊመጣ የሚችለው ታሪኩን ጽፎ ከያዘው ስልክ፣ ወይም ከዚያ ስልክ በጊዜው ከተወሰደ ቅጂ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው አሠራር ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወጣ ነው።

የዚህ አሠራር ፍሬ በፍርድ ቤት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ወረዳ የፌዴራል መርማሪ ሸንጎ፣ ሲግናልን ያዘጋጀው ኦፕን ዊስፐር ሲስተምስ የተባለው ድርጅት ስለ ሁለት የስልክ ቁጥሮች ያለውን መረጃ እንዲያቀርብ አዘዘ። ከሁለቱ ቁጥሮች በሲግናል ተመዝግቦ የተገኘው አንዱ ብቻ ነበር። ስለርሱም ድርጅቱ ሊያቀርብ የቻለው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም አካውንቱ የተከፈተበት ጊዜና ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘበት ቀን ነው። ደብቆ ያስቀረው ነገር ኖሮ ሳይሆን፣ ሌላ የያዘው ነገር ስላልነበረ ነው። በእጅ ያልተያዘን ነገር ሌባ ሊሰርቀው፣ በጉቦ የተደለለ ሠራተኛ ሊያወጣው፣ ባለሥልጣንም ሊወርሰው አይችልም። የዋጋ ምስጢሩ በተወዳዳሪው እጅ እንዳይወድቅ ለሚጠነቀቅ ነጋዴ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በአንጻሩ ደግሞ ግልባጩን የመጠበቅ ኃላፊነት ከድርጅቱ ትከሻ ወርዶ በራሱ በነጋዴው ላይ ይወድቃል።

አሁን ወደ አዲሱ ስልክ እንመለስ። ሦስት ነገሮች ብዙ ጊዜ ስለሚቀላቀሉ ለየብቻ ማየት ይገባል። አንደኛው የስልክ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ የሚያገለግለው በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ተቀብሎ አካውንቱን በአዲሱ ስልክ ለማስመዝገብ ነው። ሲም ካርድ የጠፋበት ሰው ከኢትዮ ቴሌኮም ምትክ ቢያወጣ አካውንቱን መልሶ ያገኛል፤ መልእክቱን ግን አያገኝም። ሁለተኛው `PIN` የሚባለው የምስጢር ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የባለቤቱን ስምና ምስል፣ ቅንብሮቹንና የወዳጆቹን ዝርዝር ይመልሳል፤ መልእክት ግን አይመልስም። የምዝገባ መቆለፊያ የሚባለውን ያበራ ሰው ከሆነ ደግሞ ይህን ቁጥር ሳይሰጥ ስልክ ቁጥሩን በአዲስ ስልክ ላይ ማስመዝገብ አይችልም፤ ቢረሳውም አካውንቱ ያለ ሥራ 7 ቀን እስኪቆይ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ሦስተኛውና መልእክቱን በእርግጥ የሚያሻግረው፣ በሥራ ላይ ያለው አሮጌ ስልክ ወይም ከርሱ የተወሰደ ቅጂ ከነመክፈቻ ቁልፉ ነው። ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይዘው ሦስተኛውን ሲጠብቁ ይታያሉ።

ማሻገሪያው መንገድ በዋናው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ ማዛወር ነው። ለዚህ ሁለቱም ስልኮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገኘት፣ በሁለቱም ላይ አዲሱ የመተግበሪያው እትም መጫን፣ ዋይፋይና ብሉቱዝም መከፈት አለባቸው። አይፎን በአካባቢው መረብ ላይ ያለ ሌላ መሣሪያ እንዲያገኝ ፈቃድ ሲጠይቅ መፍቀድ ያስፈልጋል። አንድሮይድም እንደ እትሙ የቦታ ወይም በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የማግኘት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ የተከለከለ እንደሆነ ስልኮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተያዩም። በዚህ መንገድ መልእክቱ በሰርቨር በኩል ሳያልፍ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይሄዳል። ቀጥታው ማዛወር ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የኖረው ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ፣ ከአይፎንም ወደ አይፎን ነው። ስለዚህ የስልኩን ዓይነት ለመለወጥ ያሰበ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ማስላት ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ ቅጂ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ሲግናል የመልእክቱን መዝገብ በሙሉ በአንድ የታሸገ ፋይል አድርጎ በስልኩ ውስጥ በተመረጠ ቦታ ያስቀምጣል። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ዓይነት ስሙ በ`signal` ጀምሮ በ`.backup` የሚያልቅ፣ መሐሉም ቅጂው የተወሰደበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ሲሆን፣ የሚከፈተው ስልኩ ራሱ በሚሰጠው ባለ 30 አሃዝ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የሚታየው ቅጂው ሲጀመር ነው፤ በዚያን ጊዜ በወረቀት ላይ ካልተጻፈ በኋላ ከየትም አይገኝም። የቁልፉ ዓይነት በአዲስ እትም የተለወጠ ቢሆንም ደንቡ ያው ነው፤ ስክሪኑ የሚያሳየውን ቁልፍ አሃዝ ሳይዘሉ መጻፍና ከስልኩ ውጭ ማስቀመጥ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የሰሊጥ ላኪ በውጭ አገር ካለ ደንበኛው ጋር በሲግናል ሁለት ዓመት ያህል ሲደራደር ቆይቷል እንበል። በመዝገቡ ውስጥ የየጭነቱ ዋጋ በቶን፣ የናሙና ፎቶግራፎች፣ የሚዛን ወረቀቶች፣ እንዲሁም ደንበኛው ባለፈው ጭነት 19 ቶን ላይ የዋጋ ቅናሽ ጠይቆ በኋላ መተዉን የገለጸበት ጽሑፍ አለ። የአንድሮይድ ስልኩ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ሆኖም በጣት ሲነካ ይሠራል። ላኪውም ሌላ አንድሮይድ ስልክ ገዝቶ ሥራውን ለጸሐፊው ሰጠ።

ጸሐፊው አስቀድሞ በአሮጌው ስልክ ላይ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለ ይመለከታል። መዝገቡ ከነፎቶግራፎቹ 6 ጊጋባይት ቢሆን፣ ቅጂው ደግሞ ወደዚያው የሚጠጋ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው ካልበቃ ቅጂው ሳይፈጸም ይቀራል። ቀጥሎ በ`Settings` ውስጥ የቅጂውን ምርጫ ከፍቶ ቅጂውን ያስጀምራል፤ የመክፈቻ ቁልፉንም በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ቅጂው ሲያልቅ ፋይሉን በኬብል ወደ ኮምፒዩተር ያወጣዋል። ይህ እርምጃ መዘለል የለበትም፤ ምክንያቱም በዚያው ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ አብሮ ይጠፋልና ነው። እስከዚህ ድረስ አዲሱ ስልክ ገና አልተነካም።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ስልኮች ከኤሌክትሪክ ጋር አያይዞ፣ በአዲሱ ላይ ሲግናልን ይጭናል። መተግበሪያው ገና ሲከፈት፣ አዲስ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ የማዛወርና የመመለስ ምርጫ ያቀርባል። ጸሐፊው መምረጥ ያለበት ይህን ነው። በአሮጌው ስልክ ላይም `Settings` ከዚያም `Account` ከዚያም `Transfer account` የሚለውን ይከተላል። ሁለቱ ስልኮች በስክሪናቸው ላይ በሚያሳዩት ምልክት ወይም ቁጥር ይተዋወቃሉ፤ ቁጥር የታየ እንደሆነ በሁለቱም ላይ አንድ መሆኑን አስተያይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዝውውሩ በሚካሄድበት ጊዜ ሁለቱንም ስልኮች ሳያርቁና መተግበሪያውን ሳይዘጉ መጠበቅ ነው፤ ፎቶግራፍ የበዛበት መዝገብ ጊዜ ይወስዳል። ሲያልቅ በአሮጌው ስልክ ላይ ያለው ሲግናል ሥራውን ያቆማል።

መፈጸሙ የሚታወቀው የወዳጆች ስም በመታየቱ አይደለም፤ ስም ያለ መልእክትም ሊመጣ ይችላል። ጸሐፊው የደንበኛውን ገጽ ከፍቶ ወደ ላይ በመሄድ የመጀመሪያውን ቀን መልእክት ይፈልጋል፤ ከመካከሉም አንድ የሚዛን ወረቀት ፎቶግራፍ ከፍቶ ጠርቶ መታየቱን ያረጋግጣል፤ በመጨረሻም ስለ 19 ቶኑ የተጻፈውን ያነባል። ሦስቱ ከተገኙ ዝውውሩ ደህና ነው። አሮጌው ስልክ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ወይም ሊሸጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ስሕተት የቅደም ተከተል ነው። ሰውየው የማዛወሩን ምርጫ ዘልሎ በአዲሱ ስልክ ላይ ይመዘገባል፤ ባዶ ገጽ ሲያይ ይደነግጣል፤ ጥቂት ቀን አዲስ መልእክት ከተቀባበለ በኋላ የቀድሞውን ከአዲሱ ጋር ለማዋሐድ ይሞክራል። የቀድሞው መዝገብ የሚገባው በባዶ መተግበሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሲግናልን ከአዲሱ ስልክ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ግድ ይሆንበታል፤ በእነዚያ ቀናት የመጡት አዳዲስ መልእክቶችም በዚሁ ይጠፋሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለደረሰበት ሰው የምንሰጠው ምክር፣ ከአሮጌው ስልክ ላይ ሲግናልን ከቶ እንዳያጠፋ ነው። አሮጌው ስልክ አካውንቱ ወደ ሌላ እንደሄደ ቢያስታውቅም፣ የተጻፈው መዝገብ ግን በውስጡ እንዳለ ይቆያል፤ መተግበሪያው ከጠፋ ግን መዝገቡም አብሮ ይሄዳል።

ስልኩ ጨርሶ ለጠፋበትና ቅጂ ላልነበረው ሰው ሁለት ቦታዎች ይቀሩታል። በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ሲግናልን ከስልኩ ጋር አያይዞ ይሠራበት ከነበረ፣ ኮምፒዩተሩ ከተያያዘበት ጊዜ ወዲህ የተላለፈውን በራሱ ውስጥ ይዟልና ከዚያ ሊያነብ ይችላል። እንግዲያውስ መተግበሪያውን ከኮምፒዩተሩ ከማጥፋቱ ወይም እንደገና ከአዲሱ ስልክ ጋር ከማያያዙ በፊት የሚፈልገውን ጽሑፍና ፎቶግራፍ አውጥቶ ማስቀመጥ አለበት። ሌላው ቦታ የደንበኛው ስልክ ነው። ደንበኛው ካላጠፋው፣ ወይም መልእክቱ በጊዜ እንዲጠፋ ሆኖ ካልተላከ፣ ግልባጩ በእርሱ ዘንድ አለ። ነገር ግን ክርክር የተነሣ እንደሆነ ማስረጃን ከተከራካሪ ወገን መለመን ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ይህን ችግር በማሰብ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በሰርቨር የሚቀመጥ ቅጂ ጀመረ፤ በመጀመሪያ የቀረበውም ለአንድሮይድ ስልኮች ነበር። ይህ ቅጂ የሚጀምረው ባለቤቱ ፈቅዶ ሲያበራው ብቻ ነው። ሲጀመር ጽሑፎቹንና ያለፉትን 45 ቀናት ፎቶግራፎችና ፋይሎች ያለ ክፍያ፣ ከዚያ የቆዩትን ደግሞ በወር 1.99 የአሜሪካ ዶላር ያስቀምጥ ነበር። ከላይ የተናገርነውን መርሕ ያፈረሰ ቢመስልም አላፈረሰውም፤ ምክንያቱም ቅጂው ከስልኩ የሚወጣው ታሽጎ ሲሆን፣ መክፈቻው 64 ፊደልና አሃዝ ያለው ቁልፍ በስልኩ ላይ የሚፈጠር እንጂ ወደ ድርጅቱ የሚላክ አይደለም። ሰርቨሩ ሣጥኑን ይይዛል፤ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ይቀራል። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ሣጥኑ በቦታው እያለ ሊከፍተው አይችልም፤ ድርጅቱም ሊረዳው አይችልም። ስለዚህ ያን ቁልፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ በዚያው ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ ከንቱ ድካም ነው። በወረቀት ጽፎ ከንግድ ፈቃዱና ከባንክ ሰነዶቹ ጋር በካዝና ማኖር ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ለገንዘብ ጉዳይ የሚያስፈልግ አንድ ምልክት እንጨምር። በሁለት ሰዎች መካከል ያለው የሲግናል ንግግር የደህንነት ቁጥር የሚባል ባለ 60 አሃዝ መለያ አለው። መዝገቡ ከላይ በተገለጸው መንገድ በቀጥታ ሲዛወር መለያው ሳይለወጥ ይሻገራል። አንድ ሰው ግን ባዶ ስልክ ይዞ አዲስ ሲመዘገብ መለያው ይለወጣል፤ በደንበኛውም ስልክ ላይ የደህንነት ቁጥሩ መለወጡን የሚናገር ማስታወቂያ ይወጣል። ይህ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ስልክ መለወጡን ብቻ ያመለክታል፤ ሆኖም የሲም ካርዱን ምትክ በማጭበርበር ያወጣ ሌላ ሰው በቁጥሩ ቢመዘገብም የሚታየው ያው ማስታወቂያ ነው። በመሆኑም ከደንበኛችሁ በኩል ይህ ማስታወቂያ ታይቶ ወዲያው ክፍያው ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ እንዲሄድ የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣ፣ በቀጥታ ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙና ቁጥሩን ከርሱ ጋር ሳታስተያዩ አትክፈሉ። እናንተም ስልክ በምትለውጡበት ጊዜ ባዶ መመዝገብ ግድ ከሆነባችሁ፣ ደንበኛው እንዳይጠራጠር በዚያው ቀን በስልክ አስታውቁት።